ሰገራ ሲደርቅ ስንት ውሃ ይበቃል? ሲበዛስ ይጠቅማል?

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። የሆድ ድርቀት ይዞት የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ቀጥሎ የሚለው ደግሞ ይመሳሰላል፦ «ውሃ በደንብ እየጠጣሁ ነው፤ ግን ያው ነው።» ስንት እንደሚጠጣ ስጠይቀው ከሁለት ነገር አንዱ ይወጣል። የአንዱ «በደንብ» ሲቆጠር በቀን ሦስት ብርጭቆ ሆኖ ይገኛል። ሌላው አራት ሊትር እየጋተ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል፤ ሰገራው ግን ድንጋይ እንደሆነ ነው።

ሁለቱም ሳይለኩ ነው የጀመሩት። ለመጀመሪያው ሰው ውሃ መድኃኒቱ ነው። ለሁለተኛው ግን አምስተኛ ሊትር ቢጨምርም ምንም አያመጣለትም። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታውቁታላችሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ እዚህ ላይ ቁሙ

የልብ ድካም፣ የኩላሊት ድክመት ወይም ሆድ ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅም የጉበት ሕመም ካለባችሁ የምትጠጡትን መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። እግራችሁ የሚያብጥ ከሆነ ወይም ሐኪም «ፈሳሽ ቀንስ» ብሏችሁ ከሆነ አንድ ብርጭቆም በራሳችሁ አትጨምሩ።

ከሚከተሉት አንዱ ካለም ውሃ እየለካችሁ ቀን አትግፉ፦ ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ማስመለስ፣ ሆድ ተነፍቶ ፈስ እንኳ አልወጣ ማለት፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የሰገራ ልማድ ድንገት መለወጥ። ደም ሲያዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው ወር ሁለት ወር የሚቆዩ ብዙ ናቸው። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ሳይታይ ግን አይታወቅም።

ይህ መመሪያ ለአዋቂ ነው። ለሕፃን አትጠቀሙበት።

## ደረጃ 1፦ ሰገራውን እዩት

ደስ አይልም፤ ግን እዩት። ሐኪሞች ሰገራን በቅርፁ ከ1 እስከ 7 የሚከፍል ብሪስቶል የሚባል ሰንጠረዥ አላቸው። እኛ የሚያስፈልገን የላይኞቹ ናቸው።

1 ማለት እንደ ፍየል በጠጥ የተለያዩ ጠጣር ፍሬዎች ነው። 2 ማለት ፍሬዎቹ ተጣብቀው ወፍራም፣ ጎርበጥባጣ ሆነው ሲወጡ ነው። 3 ላዩ ላይ የተሰነጣጠቀ፣ 4 ደግሞ ለስላሳና ልሙጥ ነው። 3 እና 4 ደኅና ናቸው።

1 ወይም 2 ከሆናችሁ ቀጥሉ። ሰገራችሁ 4 ሆኖ እያለ ለመውጣት ግን የምታምጡ ከሆነ፣ ወይም ከወጣ በኋላ የቀረ የሚመስላችሁ ከሆነ፣ ችግሩ የሰገራው መድረቅ አይደለም። ምናልባት ስታምጡ መላላት የነበረባቸው የፊንጢጣ አካባቢ ጡንቻዎች እየጠበቡ ይሆናል። ያንን ውሃ አያስተካክለውም። ሐኪም ጋ ሂዱ።

## ደረጃ 2፦ ለሦስት ቀን የምትጠጡትን መዝግቡ

ምንም አትለውጡ። እንደ ወትሮው ጠጡ፣ ግን ጻፉ። ሦስቱ ቀን አንድ የእረፍት ቀን ይኑርበት፤ ቤት ስንሆንና ሥራ ስንሆን የምንጠጣው ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ዕቃችሁን ለኩ። ግማሽ ሊትር ሀይላንድ ሙሉና የዘወትር ብርጭቋችሁ ውስጥ ገልብጡት። ሁለት ተኩል ጊዜ ከሞላው ብርጭቋችሁ 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የቡና ሲኒም እንዲሁ ይለካል፤ አብዛኛው ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው።

ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ ጭማቂ፣ የሾርባ ውሃ ሁሉ ይቆጠራል። «ቡና ያደርቃል» የሚባለውን እርሱት። ቡና ትንሽ ያሸናል፤ ሆኖም ከሚሰጠው ውሃ በላይ አይወስድም። እንዲያውም አንዳንድ ሰው ጠዋት ቡና እንደጠጣ አንጀቱ ይነሳለታል። ቢራና አረቄ ግን አትቁጠሩ።

የጻፋችሁት «አንድ ሀይላንድ» ከሆነ ደግሞ ማታ ላይ ስንቱ እንደቀረ እዩ። ሰው የገዛውን ነው የሚቆጥረው፤ ግማሹ መኪናው ውስጥ ሲሞቅ ይውላል።

## ደረጃ 3፦ ሽንታችሁን እዩ

በእነዚሁ ሦስት ቀናት ከሰዓት በኋላ ያለውን ሽንት ቀለም መዝግቡ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ተዉት፤ ሌሊቱን ሲጠራቀም ስለሚያድር የማንም ሰው ሽንት ጠዋት ይጠቁራል።

ፈዛዛ ቢጫ ከሆነና በቀን ከአራት እስከ ሰባት ጊዜ ከሸናችሁ ሰውነታችሁ ውሃ አልጎደለውም። እንደ ጠጅ ደማቅ ሆኖ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ከሆነ ጎድሏል። ጭራሽ ቀለም የሌለው ሆኖ አሥር ጊዜ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ እየጠጣችሁ ነው።

ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። የቫይታሚን ቢ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ሽንት ውሃ እየጠጣችሁም ቢጫ ይሆናል። ቀይ ስር የበላችሁ ቀን ደግሞ ይቀላል። በተረፈ ብዙ ሳትጠጡ ብዙ የምትሸኑ ከሆነና የሚጠማችሁ ከሆነ ስኳራችሁን ተመርመሩ።

## ደረጃ 4፦ ልካችሁን አውጡ

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ልክ ለሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ምግብ ውስጥ ያለውንም ውሃ ይጨምራል። ከምግብ የሚገኘው አንድ አምስተኛ ያህል ነው እንበል። ስለዚህ ለመጠጥ የሚቀረው ለሴት 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ነው። በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ስምንትና አሥር ማለት ነው፤ ሻይና ቡናው ተቆጥሮ።

ለነፍሰ ጡር አንድ ብርጭቆ ተኩል፣ ለምታጠባ እናት ሦስት ብርጭቆ ተኩል ያህል ጨምሩ። ፀሐይ ላይ የሚሠራ፣ ወይም እንደ አፋርና እንደ ዓረብ አገሮች ያለ ሙቀት ውስጥ የሚውል ሰው በላቡ መጠን ይጨምር፤ ለእሱ ከቁጥሩ ይልቅ የሽንቱ ቀለም ይሻለዋል።

የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ከሌላው ሰው የተለየ የውሃ ልክ የለውም። ጤነኛ ሰው የሚያስፈልገውን ያህል ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ቅር ይለዋል። ምክንያቱን ላስረዳ።

### የጠጣነው ውሃ የት ይሄዳል?

በቀን ወደ አንጀታችን ዘጠኝ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይገባል። የጠጣነው ሁለት ሊትር ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞትና ሌላ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ፈሳሽ ነው። ትንሹ አንጀት አብዛኛውን መጥጦ ወደ ደም ይመልሰዋል። ወደ ትልቁ አንጀት የሚደርሰው አንድ ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ትልቁ አንጀትም ይመጠዋል። በመጨረሻ ከሰገራ ጋር የሚወጣው አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም።

እናንተ አንድ ሊትር ስትጨምሩ ያ ሊትር ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ደም ውስጥ ይገባል። ደም ሲሞላ ኩላሊት ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ጤነኛ ሰዎች ላይ በተሠራ አንድ ትንሽ ጥናት የታየውም ይኸው ነው፦ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ተጨማሪ ጠጥተው ሽንታቸው በዛ፣ ሰገራቸው ግን አልጨመረም።

ሲጎድል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሃ ያጠረው ሰውነት ከአንጀት አሟጦ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ስምንት ጤነኛ ወንዶች ለአንድ ሳምንት በቀን ሁለት ሊትር ተኩል፣ ለሌላ ሳምንት ደግሞ ግማሽ ሊትር ብቻ እንዲጠጡ ተደረገ። በጠማቸው ሳምንት ሰገራ የወጡበት ጊዜ ከሰባት ገደማ ወደ አምስት ወረደ፤ የሰገራቸው መጠንም ቀነሰ። የጎደለውን መሙላት ይጠቅማል፤ ከሞላ በኋላ መጨመር ሽንት ቤት ያስኬዳል እንጂ ሰገራ አያለሰልስም።

## ደረጃ 5፦ የጎደለውን ብቻ ሙሉ

የሦስቱን ቀን አማካይ ከልካችሁ ላይ ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ሥራችሁ ነው።

1. በሁለት ቀን አንድ ብርጭቆ ጨምሩ። በአንዴ አምስት ብርጭቆ የሚጨምር ሰው በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል።
2. ቀኑን አከፋፍሉት። አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ ከተጠጣ አብዛኛው ተጣድፎ በሽንት ይወጣል።
3. ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቀንሱ፤ እንቅልፋችሁን አትግደሉ።
4. ልካችሁ ላይ ስትደርሱ ቁሙና አንድ ሳምንት ቆዩ። በየቀኑ የሰገራውን ቁጥር ጻፉ።

ለብ ያለ ይሁን ቀዝቃዛ፣ ሎሚ ይኑረው አይኑረው ለዚህ ጉዳይ ለውጥ የለውም። የሚስማማችሁን ጠጡ።

የሚጾም ሰው ይቸገራል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ጊዜው አጭር ነው፤ በረመዳን ደግሞ ሌሊቱ ብቻ ነው ያለው። ሲፈታ ሁለት ብርጭቆ፣ ከምግብ በኋላ አንድ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ እያላችሁ እስክትተኙ ሂዱ። ስሁር ላይ ወይም ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለት ብርጭቆ ጨምሩ። የጾም ፍቺ ላይ የሚገለበጠው ጆግ ሆድ ይነፋል እንጂ ለነገ አይቀመጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው አንድ ሊትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ለሰዓታት ሲጠጣ የደም ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ከመጣ መጠጣቱን አቁሙና ሐኪም ቤት ሂዱ። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ወይም የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዚህ ባነሰም ሊጎዳ ይችላል።

## ደረጃ 6፦ ውሃውን አንጀት ውስጥ የሚይዝ ነገር ጨምሩ

ልካችሁ ሞልቶ ሰገራው አሁንም 1 ወይም 2 ከሆነ ሌላ ውሃ አትጨምሩ። የሚያስፈልገው ውሃው አንጀት ውስጥ እንዲቀር የሚያደርግ ነገር ነው። እሱም ፋይበር ነው። ፋይበር ውሃ ይዞ ያብጣል፤ አንጀት ሊመጠው አይችልም።

ውሃና ፋይበር አብረው ሲሄዱ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ1998 ጣሊያኖች አሳይተዋል። የሆድ ድርቀት ያለባቸው 117 ሰዎች ሁሉም በቀን 25 ግራም ፋይበር በሉ። ግማሾቹ እንደ ልማዳቸው አንድ ሊትር ገደማ፣ ግማሾቹ ሁለት ሊትር ያህል ጠጡ። ሁለቱም ተሻሻሉ፤ ሁለት ሊትር የጠጡት ግን የበለጠ። የሁለተኛዎቹ ውሃ የማዕድን ውሃ እንደነበረም አትርሱ።

ቤታችን ያለው ቀላሉ ተልባ ነው። እንዲህ አድርጉት፦

1. የተቆላና የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ።
2. ሳይወፍር ጠጡት። አታጥልሉት። እናቶቻችን አጥልለው ነው የሚሰጡን፤ ለመጠጥ ይጥማል፣ ግን ለእኛ የሚያስፈልገው ገለባ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።
3. ከላዩ ግማሽ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት።
4. የመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ሁለት።
5. ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በመካከሉ ሁለት ሰዓት አራርቁ።

ከምግቡ በኩል ድፍን ምስር፣ ጎመን፣ ቂንጬ፣ ፓፓያ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሡት፤ ፋይበር እንደ ኪኒን በማግስቱ አይሠራም።

ሲበላሽ፦ ሆድ ከነፋ መጠኑን በግማሽ ቀንሱና ቀስ ብላችሁ ውጡ። ምግብ ለመዋጥ የሚቸገር ሰው፣ ወይም አንጀቱ ጠቦ የሚያውቅ ሰው ተልባም ሆነ የፋይበር ዱቄት አይውሰድ። አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት ለቀናት ሳይወጣለት ቆይቶ ድንገት ቀጭን ውሃ ከፈሰሰው «ተቅማጥ ጀመረው» አትበሉ። ደረቁ ሰገራ ፊንጢጣው ላይ ተደፍኖ ውሃው በጎን እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ፋይበር መስጠት በተዘጋ በር ላይ ሰው መጨመር ነው። ሐኪም ጋ ውሰዱት።

## ደረጃ 7፦ ሰዓቱን አታሳልፉ

ከቁርስ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ትልቁ አንጀት በራሱ ይነሳል። ያን ጊዜ ሽንት ቤት ሂዱ። የመቀመጫ ሽንት ቤት ከሆነ እግራችሁን ዝቅተኛ ዱካ ላይ አድርጉ። አምስት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ስልክ ይዛችሁ አትግቡ። ሲመጣ «ቆይ» ያላችሁት ሰገራ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል። ያኔ የጠጣችሁት ሁሉ አይደርስለትም።

## አንድ ምሳሌ በቁጥር

የራይድ ሾፌር የሆነ ዘመዴ ነው፤ 38 ዓመቱ። ሰገራው በሦስት ቀን አንዴ፣ ቁጥር 1። «ውሃ እጠጣለሁ» ይላል። አስመዘገብኩት። ጠዋት ሻይ 200፣ ሁለት ሲኒ ቡና 150፣ ምሳ ላይ ግማሽ ሀይላንዱ 250፣ ማታ አንድ ብርጭቆ 200። ሲደመር 800 ሚሊ ሊትር። ሽንቱ ጠጅ መስሏል፣ በቀን ሦስቴ። ለምን እንደማይጠጣ ስጠይቀው የመለሰልኝ አጭር ነው፦ «ጠጥቼ የት ልሽና?»

ልኩ 2 ሊትር ነው፤ የጎደለው 1.2 ሊትር። ትልቁን ድርሻ ሽንት ቤት ባለበት ሰዓት አደረግንለት። ሲነሳ ቤቱ 400፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሸንቶ ይወጣል። ቁርስ ላይ ሻይ 200። ከ4 ሰዓት እስከ ምሳ አንድ ሀይላንድ 500፤ ምሳ ቤቱ ሽንት ቤት አለው። ምሳ ላይ 200። 10 ሰዓት ላይ ነዳጅ ማደያ ሲቆም 250። ማታ ቤቱ 300። ቡናው 150። ድምሩ ልክ 2,000።

በአራተኛው ቀን ገና 1.2 ሊትር ላይ ነበር፤ ሰገራው ያው። ልኩ ላይ ከደረሰ በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ከ1 ወደ 3 መጣ፣ በሁለት ቀን አንዴ። ተልባ ሳይጨምር ማለት ነው። «ሦስት ሊትር ባደርገውስ?» አለኝ። ሽንቱ ፈዛዛ ሆኗል፤ ከዚያ በላይ የሚጠጣው የማደያውን ሽንት ቤት ከማብዛት ውጪ አይጨምርለትም አልኩት።

## ሁሉን አድርጋችሁ ካልተለወጠ

ውሃው ልክ፣ ፋይበሩ ሦስት ሳምንት፣ ሰገራው ያው ከሆነ የምትውጡትን መድኃኒት ዘርዝሩ። አይረን ኪኒን፣ ትራማዶልና ኮዴን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ቬራፓሚል፣ ካልሲየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ፣ የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት ሁሉ ያደርቃሉ። በራሳችሁ አታቁሙ፤ ዝርዝሩን ላዘዘላችሁ አሳዩ።

እስከዚያው የሚረዳው ላክቱሎስ ሽሮፕ ነው፤ ለአዋቂ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር። ስኳር ነው፤ አንጀት ስለማይመጠው ውሃ ወደ ሰገራው ይስባል። አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ሆድም ይነፋል። ሰው ቶሎ የሚገዛው ቢሳኮዲል ግን ሥራው አንጀቱን መግፋት ነው። ከወሰዳችሁት ኪኒኑን አትስበሩት፣ ከወተት ጋርም አትዋጡት።

መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ አራት ሊትር የምትጠጣ ደንበኛዬ ጉዳይዋ እዚህ ላይ ተገኘ። ነርስ «ውሃ አብዢ» ብላት በየቀኑ ስትጨምር ነበር። ቦርሳዋን ስትከፍት አይረን ኪኒን አየሁ፤ በቀን ሦስት ትውጣለች፤ ከጀመረች ሰባት ሳምንት። ድርቀቱስ? «ስድስት ሳምንት ይሆነዋል» አለችኝ። ሐኪሟ የአወሳሰዱን መጠን ቀየረላት፣ ውሃውንም ወደ ስምንት ብርጭቆ አወረደችው። በወሩ ስትመለስ ያመሰገነችኝ መጀመሪያ ስለ እንቅልፏ ነው።